ያ 14,500 ዶላር የሚገዛው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 36 ዓመቴ ነው። አገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄ አምስት ዓመት ባንክ ሠርቻለሁ። እዚህ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ኡበር ነው የምነዳው። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ ሁለት ልጆች አሉን። ወደ ፕሮግራሚንግ መቀየር ፈልጌ አንድ ቡትካምፕ የሚባል የ16 ሳምንት የተፋጠነ ሥልጠና 14,500 ዶላር አሉኝ። የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ስም አለበት። በእጄ 4,500 አለ፤ ቀሪውን በብድር ነው። ጓደኛዬ ግን “ሁሉም በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ገንዘብህን አትጣል” ይለኛል። እኔ ደግሞ በነጻ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አቋርጫለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ አንቱታውን እንተወው። በዕድሜ ብዙም አንራራቅም፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ። እኔም በ2016 ሜሪላንድ ውስጥ ቡትካምፕ ከፍዬ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት። አሁን ደግሞ ተራው ደርሶኝ ጀማሪዎችን ኢንተርቪው አደርጋለሁ።

ጓደኛህ ስለ ትምህርቱ ያለው ልክ ነው። የቡትካምፑን የትምህርት ዝርዝር ጠይቀህ ተቀበል። ከዚያ `theodinproject.com` የተባለውን ነጻ ትምህርት ክፈትና ጎን ለጎን አስተያየው። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጊት፣ ሪአክት፣ ኖድ፣ ዳታቤዝ። ሁለቱም ጋ ያው ነው። እንዲያውም ነጻው ብዙ ቦታ ላይ ጠለቅ ይላል፣ ምክንያቱም በ16 ሳምንት ማለቅ የለበትም። ኮምፒውተር እንዴት እንደሚያስብ ከሥሩ ማወቅ ካማረህ የሃርቫርዱ ሲኤስ50 አለ፤ እሱንም ሳትከፍል ትማረዋለህ። ፍሪኮድካምፕም ከ2014 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለሰርተፊኬቱ እንኳ አያስከፍልም። ስለዚህ ይዘቱን ለማግኘት ብለህ 14,500 ዶላር አትከፍልም።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ይገዛል? ሦስት ነገር። በግድ የሚያስቀምጥህ ሰዓት፣ ኮድህን የሚያይልህ ሰው፣ እና “ሥራ እናስገኝልሃለን” የሚለው እገዛ። ሻጩ አብዝቶ የሚያወራልህ ስለ ሦስተኛው ነው። እኔ ግን ዋናው ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ በኮድ ላሳይህ።

ገና ስትጀምር የምትሠራት ትንሽ ፕሮግራም አለች እንበል። የቀኑን ጉዞዎች ገቢ ትደምራለች። እንዲህ ጻፍክ፦

```js
let total = 0;
for (let i = 0; i <= trips.length; i++) {
  total = total + trips[i].fare;
}
```

ስታስኬዳት ትሞትብሃለች። ስክሪኑ ላይ `TypeError: Cannot read properties of undefined (reading 'fare')` የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ጥፋቱ አንዲት ምልክት ናት። `<=` የሚለው `<` መሆን ነበረበት። ዝርዝሩ ከዜሮ ስለሚቆጠር፣ አሥር ጉዞ ካለህ የመጨረሻው ቁጥሩ 9 ነው። ያንተ ኮድ ግን ቁጥር 10 ላይ ሄዶ የሌለ ጉዞ ይፈልጋል። አስተማሪ በአሥር ሰከንድ ያያታል። ብቻህን ከሆንክ መጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ትፈጅብህ ይሆናል። ግን ጯሂ ስህተት ናት፤ የት መስመር ላይ እንዳለች ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግርሃል። እንዲህ ዓይነቷን ብቻህን መታገል ጥቅም አለው። ቀይ ጽሑፉን ሳይደነግጡ ማንበብ የሚለመደው እንዲህ ነው።

አሁን ምልክቷን አስተካከልክ። ፕሮግራሟ ሠራች፤ ቀይ ጽሑፍም የለም። ደስ ብሎህ ልትዘጋው ነው። ግን ስህተት አሁንም አለባት። ይህቺን ሞክራት፦

```js
console.log(0.1 + 0.2);
// 0.30000000000000004
```

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ቁጥር የሚይዘው በሁለት መሠረት ስለሆነ 0.1ን ልክ በልኩ መያዝ አይችልም፤ በጣም የቀረበውን ነው የሚይዘው። ጥቂት ጉዞ ስትደምር አይታወቅህም። የሺህ ሰው ሂሳብ ስትደምር ግን አንድ ቀን ሳንቲም ይጎድላል። አንተ ባንክ ሠርተሃል፤ አንድ ሳንቲም ካልገጠመች ሰው እስከ ማታ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። መፍትሔው ብሩንም ዶላሩንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። 12.50 ዶላር ሳይሆን 1250 ሳንት። ነጥብ የምትገባው ስክሪን ላይ ስታሳየው ብቻ ነው።

ይህንን ስህተት ማን ይነግርሃል? ኮምፒውተሩ ዝም ብሏል። ነጻ ትምህርቱ ላይ ያለው አውቶማቲክ መፈተኛም መልሱ ከሚጠብቀው ጋር ከገጠመ “አልፈሃል” ይልና ያሳልፍሃል። የሚነግርህ ሰው ነው። ኮድህን ቁጭ ብሎ ያነበበ፣ “ይሄ ገንዘብ ነው፣ ለምን በነጥብ ያዝከው?” የሚል ሰው። ነጻው መንገድ ላይ የሚጎድለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ለብቻው አንድ ዓመት ተምሮ ኢንተርቪው ላይ የሚወድቀው ስላላወቀ አይደለም። የሚሠራ ግን ማንም አይቶለት የማያውቅ ኮድ ስለያዘ ነው። ኢንተርቪው ላይ “ይህን ለምን እንዲህ አደረግከው?” ሲባል ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ ቡትካምፑን ከምንም በፊት ይህን ጠይቅ፦ ኮዴን ማን ያነባል? በሳምንት ስንት ጊዜ? አንዱ አንባቢ ስንት ተማሪ አለው? በጽሑፍ አስተያየት ይሰጠኛል ወይስ “ጥሩ ነው” ብሎ ያልፋል? ከቻልክ ከተመራቂዎቻቸው የአንዱን፣ አስተያየት የተጻፈበትን ኮድ አሳዩኝ በል። እኔ በተማርኩበት ቦታ አንዱ አስተማሪ 30 ተማሪ ነበረው። ረዳቱ ደግሞ ባለፈው ዙር የተመረቀ፣ አንድም ቀን በሙያው ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን እሱም እንደኛው ዝም ያለውን ስህተት አያይም ነበር። ያን ጊዜ መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ስም ትንሽ ልበል፣ ብዙ ወገኖቻችንን የሚያዘናጋው እሱ ነው። በዩኒቨርሲቲ ስም የሚሰጡ ብዙዎቹ ቡትካምፖች የዩኒቨርሲቲው አልነበሩም። ትራይሎጂ የሚባል ኩባንያ ስሙን ተውሶ፣ አስተማሪ ቀጥሮ፣ ማስታወቂያ ሠርቶ ያካሂዳቸው ነበር። በ2019 ቱዩ የተባለው ኩባንያ በ750 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ቱዩ ከቡትካምፕ ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፦ የአስተማሪዎቹን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? ወደ ዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት አለው? መልሱ “ኩባንያው” እና “የለውም” ከሆነ፣ ስሙ ለግድግዳ ጌጥ ነው። በእኔ በኩል ሪዙሜ ሳይ እንዲህ ያለውን ስም ከሌላ ቡትካምፕ ለይቼ አላይም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ሂሳብ ያንተ ሙያ ነውና ቁጥሬን አርመው። ዋጋው 14,500 ብለውሃል። 10,000ውን በ12 በመቶ ወለድ ለሦስት ዓመት ተበደርክ እንበል። በወር 332 ዶላር ገደማ ይመጣል። ሲያልቅ 2,000 ዶላር የሚጠጋ ወለድ ከፍለሃል። ዋናው ወጪ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። የ16 ሳምንቱ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ከሆነ መንዳት ታቆማለህ። ቤንዚንና ጥገና ተቀንሶ በሳምንት 900 ዶላር ይተርፍሃል ብለን እንነሳ። ቅዳሜና እሁድ ነድተህ 300 ብታገኝ እንኳ በየሳምንቱ 600 ይጎድላል። በ16 ሳምንት 9,600 ነው። ድምሩ ወደ 26,000 ዶላር ይጠጋል። ባለቤትህ ጋር ስትነጋገር የምታስቀምጠው ቁጥር ይህኛው ነው።

የመጀመሪያው የብድር ክፍያ መቼ እንደሚጀምር ደግሞ ውሉ ላይ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ሥራ አገኘህ አላገኘህ ብሎ አይጠብቅህም። አሁን ያለው ገበያ የ2016ቱ አይደለም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሰው ሲቀንሱ፣ ለጀማሪ የሚወጣው ቦታ በጣም ጠቧል። እኔ ከተመረቅኩ በሦስት ወሬ ተቀጥሬያለሁ። ዛሬ በዚያው ችሎታ ስድስት ወርም፣ አንድ ዓመትም መፈለግ ያለ ነው። ያን ሁሉ ወር 332ቱ ይቆረጣል።

“ከተመራቂዎቻችን 82 በመቶው ሥራ አግኝተዋል” ይሉሃል። ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ለምሳሌ ያህል ላሳይህ። መቶ ሰው ጀመረ። 28ቱ መሃል ላይ ወጡ፤ “ተመራቂ” አይደሉምና ከሂሳቡ ወጡ። ከቀሩት 72 ውስጥ 12ቱ “ሥራ እየፈለጉ አይደለም” ተባሉ፤ በየሳምንቱ ይህን ያህል ማመልከቻ ካልላክህ እዚያ ምድብ ውስጥ ሊከቱህ ይችላሉ። አሥሩ ለኢሜይል አልመለሱም፤ እነሱም ወጡ። የቀሩት 50 ናቸው። ከነዚያ 41ዱ “ተቀጠሩ”። 41 ለ50 ሲካፈል 82 በመቶ። ውሸት የለበትም። ግን ከ41ዱ ዘጠኙን የቀጠረው ቡትካምፑ ራሱ ነው፣ በረዳትነት። ሰባቱ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ወይም የጥቂት ሳምንት ሥራ ናቸው። የቀሩት 25 ናቸው። ከመቶ ከጀመሩት 25። ባንክ ቤት የተበላሸ ብድርን ከዝርዝሩ አውጥቶ “ሁሉም እየከፈለ ነው” እንደማለት ነው።

ይህ የእኔ ምሳሌ ነው፤ በአደባባይ የወጣም አለ። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ብሉምቴክ በተባለው ቡትካምፕ ላይ እርምጃ ወስዷል። ድሮ ላምዳ ስኩል ይባል የነበረው ነው። ማስታወቂያው ላይ ከ71 እስከ 86 በመቶ ሥራ አግኝተዋል ይል ነበር። ቢሮው እንዳለው የውስጥ ቁጥራቸው ለ50 የቀረበ፣ አንዳንዴም እስከ 30 የወረደ ነበር። ሌላው ጥፋት ደግሞ “ሥራ ካገኘህ በኋላ ከደመወዝህ ትከፍላለህ፣ ብድር አይደለም” ማለታቸው ነው። ቢሮው ብድር ነው አለ። ተማሪው ከ50,000 ዶላር በላይ የሚከፍል ሥራ ሲያገኝ ከገቢው 17 በመቶ ይቆረጥበት ነበር፣ እስከ 30,000 ዶላር ድረስ። አንተንም “አሁን አትክፈል፣ ስትቀጠር ትከፍላለህ” ካሉህ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ ከስንት ደመወዝ እንደሚጀምር፣ ፕሮግራሚንግ ያልሆነ ሥራ ብትይዝም ይቆጠር እንደሆነ አንብብ። ወደ አካውንቲንግ ብትመለስ እንኳ ሊቆርጡህ የሚችሉበት ውል አይቻለሁ።

እንዲሁም ስታቋርጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ የሚናገረውን ገጽ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ጊዜው በአራት ይከፈላል፤ ሩቡን ሳታልፍ ከወጣህ አብዛኛው ይመለሳል፣ ግማሹን ካለፍክ ጥቂት ነው፣ ወደ መጨረሻው ከሆነ ምንም። ወሳኙ ቀን የትኛው እንደሆነ ቀን መቁጠሪያህ ላይ ምልክት አድርግ። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶችን የሚመዘግበው የክፍለ ግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ነው። በምህጻር ሼቭ ይሉታል። ስማቸው እዚያ አለ ወይ ብለህ ማጣራት አምስት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ባልጠየቅከኝ ነገር ልግባ። በእኛ ሰው መሃል በስልክ ቡድን የሚዞር ሌላ ዓይነት “ትሬይኒንግ” አለ። ሦስት አራት ሺህ ዶላር ከፍለህ ለጥቂት ወር ትማራለህ፤ ከዚያ “ሪዙሜህን እናስተካክልልሃለን” ይሉህና አምስት ዓመት የሠራህበት የሚመስል ኩባንያ ይጽፉልሃል። ሪፈረንስ ሆኖ ስልክ የሚያነሳም አለ። የገባበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ አልክድም። ግን የሥራ ልምድህን ቀጣሪው የሚያጣራው በስልክ ብቻ አይደለም። “ዘ ወርክ ነምበር” የሚባል የኤክዊፋክስ መዝገብ አለ፤ ብዙ አሠሪዎች የደመወዝ መረጃቸውን እዚያ ያስገባሉ። የታክስ ወረቀትም ይጠየቃል። አንድ ልጅ ኢንተርቪው አድርጌ፣ ቡድኑም ወዶት፣ ደብዳቤ ከተላከለት በኋላ በማጣራቱ ሲወድቅ አይቻለሁ። የሚያናድደው፣ ልጁ ኮድ ይችል ነበር። በእውነተኛ ሪዙሜ ትንሽ ቆይቶ ሊገባ ይችል ነበር።

ወደ አንተ ልመለስ። ሁለቴ ጀምረህ ሁለቴ አቋርጠሃል ብለሃል። ጥያቄህ ውስጥ ትልቁ መረጃ ይህ ነው። ለምን እንዳቋረጥክ ግን አልነገርከኝም፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ጊዜ አጥተህ ነው? ተጣብቀህ የሚያላቅቅህ ጠፍቶ ነው? ወይስ ነገሩ ራሱ አልጣመህም? ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ላፕቶፑ ተዘግቷል። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ቡትካምፕ የሚረዳው ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን ምንም ያህል ብትከፍል አያድነውም።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት 12 ሳምንት ስጠኝ። ዘ ኦዲን ፕሮጀክት ላይ “ፋውንዴሽንስ” የሚባለውን የመጀመሪያ ክፍል ጀምር። በሳምንት 12 ሰዓት። ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፍ፣ የሂሳብ መዝገብ እንደምትጽፈው፤ ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሠራሁ። ደለስ ኤርፖርት ተራ ስትጠብቅ ቪዲዮ ያየህበትን ሰዓት አትቁጠረው። ማየት ሌላ ነው፣ መጻፍ ሌላ። እኔም መጀመሪያ ላይ 40 ሰዓት ቪዲዮ አይቼ ባዶ ፋይል ሲሰጠኝ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኛል። የምትቆጥረው ጣትህ ኪቦርድ ላይ የነበረበትን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ በአካባቢህ ላይብረሪ አለ፤ ባዶ ክፍልም በነጻ ይሰጣሉ።

በመንገድህ ላይ ሦስት ፕሮጀክት ያጋጥሙሃል፦ ድንጋይ-ወረቀት-መቀስ ጨዋታ፣ ኤች-ኤ-ስኬች የሚባል መሳያ ሰሌዳ፣ በመጨረሻ ካልኩሌተር። ፈተናህ ካልኩሌተሩ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰው 12 ብሎ፣ መደመር ተጭኖ፣ 7 ብሎ፣ እኩል ሳይል ደግሞ መቀነስ ሲጫን ምን ይሁን? በዜሮ ሲያካፍልስ? ይህን የሌላ ሰው መልስ ሳታይ፣ በሁለት ሳምንትም ይሁን፣ ከጨረስከው በዚህ ሥራ ውስጥ መቀመጥ ትችላለህ።

በእነዚያ 12 ሳምንታት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ክፈል። በሙያው የሚሠራ ሰው ፈልገህ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት ኮድህን ያንብብልህ። በዚህ አካባቢ ከየቤተ ክርስቲያኑና ከየዕቁቡ ኢንጂነር የሚሆን ሐበሻ አይጠፋም። እንደ ውለታ አትጠይቀው፤ ሰው እየሰለቸው ይሸሽሃል። “በሰዓት 60 ዶላር እከፍላለሁ” በለው። ስድስት ጊዜ 360 ዶላር ነው። “አስተምረኝ” አትበለው፤ “የጻፍኩትን አንብብና ምን ትቀይር እንደነበር ንገረኝ” በለው። የቡትካምፑ ዋና ዕቃ ይኸው ነው፤ እየቀመስከው ነው።

12 ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ክፈት። ከ144 ሰዓት ውስጥ 110 ወይም 120 የሞላህ ከሆነና ካልኩሌተሩም ካለቀ፣ ቡትካምፕ አያስፈልግህም። በነጻው ቀጥል፤ አንባቢህን ያዝ። አንድ ዓመት ሙሉ ብትከፍለው እንኳ 1,600 ዶላር አይሞላም።

ሰዓቱ 50 ላይ ከቀረ፣ ግን የተቀመጥክባቸው ሰዓታት ሳታስበው ያለፉ ከሆነ፣ ያንተ ችግር የጊዜ ግዴታ ነው። ያኔ መክፈል ትርጉም አለው፤ ለዚህኛው ቡትካምፕ ግን አይደለም። የማታ ወይም የትርፍ ሰዓት የሆነውን ፈልግ፣ መኪናውን ሳታቆም። ከዚያም በፊት ኖቫን እይ፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሌክሳንድሪያ ላይ፣ ደጃፍህ ላይ ነው። ጂ3 የሚባል የቨርጂኒያ ፕሮግራም ከ2021 ጀምሮ አለ። ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ነዋሪዎች፣ አይቲን ጨምሮ ለተወሰኑ ሙያዎች የኮሌጁን ክፍያ የሚሸፍን ነው። ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ሞልተህ ትጠይቃለህ። እንደዚሁ የቨርጂኒያ ካሪየር ወርክስ ቢሮ ሂድና በዊኦአ በኩል የሥልጠና ገንዘብ ይገባኝ ይሆን ብለህ ጠይቅ። የፌዴራል ገንዘብ ነው፤ የሚከፍሉት ግን በክፍለ ግዛቱ ዝርዝር ውስጥ ላለ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ብዙ ወገን ይህን ቢሮ የሚያውቀው ሥራ ሲያጣ ብቻ ነው። አንተ አሁን ሂድ።

ሰዓቱ ሞልቶ፣ አንባቢም ኖሮህ፣ ሁሌም ስትቀመጥ ሰዓት የምታይ ከሆነና ሉፕ የሚባለው ድግግሞሽ ራሱ እስከ መጨረሻው ያልገባህ ከሆነ ደግሞ፣ 26,000 ዶላር አድነሃል። ይህን የምለው ማስተዛዘኛ ብዬ አይደለም። አብሮኝ የተማረ አንድ ሰው በአራተኛው ሳምንት ገብቶት ነበር፤ ተመላሽ የሚሆነው ቀን ስላለፈበት ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ዛሬ የጭነት መኪና ኩባንያ አለው፣ ደስተኛ ነው። ብድሩን ግን አራት ዓመት ከፍሏል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ የትኛውንም መንገድ ብትይዝ የሚሠራ ነው። ከሁለቱም መንገድ የሚወጣው ሰው ተመሳሳይ ሪዙሜ ይዞ ነው የሚመጣው። ሪአክት፣ የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ፣ የሥራ ዝርዝር መመዝገቢያ። በአንድ ማስታወቂያ መቶ እንዲህ ያለ ይደርሰኛል፤ ዓይኔ ያልፋቸዋል። አንተ ግን አምስት ዓመት ባንክ ሠርተሃል። ሒሳብ ማስታረቅ ታውቃለህ። ስለዚህ ከካልኩሌተሩ በኋላ ፓይተንና ኤስኪውኤል ጨምርና አንድ ነገር ሥራ። የኡበር ሳምንታዊ መግለጫህን አውርድ፣ የባንክ ሂሳብህን አውርድ፣ ሁለቱን አስታርቆ ያልገጠመውን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍ። ገንዘቡን በሳንት ያዝ። ማይሉን ከታክስ ቅነሳው ጋር ያያይዝ። ከዚያ ለሦስት ሾፌር ጓደኞችህ ስጣቸውና የት ላይ እንደሚበላሽ እይ፤ ይበላሻል።

ይህን ይዘህ ስትመጣ የምታመለክተው “ጁኒየር ዴቨሎፐር” ለሚለው ብቻ አይሆንም። ፋይናንሻል ሲስተምስ አናሊስት፣ ቢሊንግ ኦፕሬሽንስ፣ ዳታ አናሊስት የሚሉትንም ፈልግ። እዚያ ተሰላፊው አነስ ይላል፣ ባንክ ቤት የሠራህበትም ዘመን ይቆጠርልሃል። ከውስጥ ገብቶ ወደ ኮድ መሻገር ደግሞ ከውጭ ከመግባት ይቀላል፤ ከኔ ቡድን ሁለቱ የመጡት እንዲያ ነው።

ሻጩ በዚህ ሳምንት ይደውልልሃል። “ቦታው ሊሞላ ነው፣ እስከ ዓርብ ከፈረምክ 1,000 ዶላር እንቀንሳለን” ማለታቸው የተለመደ ነው። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚጀምር ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ከ12 ሳምንት አካባቢ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ሰዓትህን ከመዘገብክ በኋላ ቁጥሩንና የተጣበቅክበትን ቦታ ጻፍልኝ። ካልኩሌተሩ ላይ ከደረስክ ደግሞ ኮዱን ላከው፤ የመጀመሪያውን ንባብ እኔ አደርገዋለሁ፣ ሳላስከፍል።